ለሚያረፍድ ሠራተኛ የሚሰጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በተደጋጋሚ እንደሚያረፍድ መጥቀስ ይበቃል፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው።»

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ያውቀው ይሆናል። ክርክር ሲነሳ ግን ደብዳቤውን የሚያነበው ሠራተኛውንም አለቃውንም አይቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ደብዳቤውን የጻፈው ኃላፊ ሥራውን ከለቀቀ በኋላ። ይህ አንባቢ የሚፈልገው ሠራተኛው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደገባና መግባት የነበረበት መቼ እንደሆነ ነው። «በተደጋጋሚ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ከልማድዎ ሳይታረሙ» የሚሉ ቃላት የጻፊውን ምሬት ከመግለጽ በቀር የሚያስረዱት ነገር የለም፤ ሠራተኛው «አላረፈድኩም» ብሎ ሲክድ ደግሞ የማስረዳቱ ሸክም አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በአሠሪው ላይ ነው።

አንድ የመጋዘን ሠራተኛ እንውሰድ። የመግቢያ ሰዓቱ ከጠዋቱ 2:30 ነው፤ የድርጅቱ የሥራ ደንብ ደግሞ እስከ 10 ደቂቃ የሚደርስ መዘግየት እንደ ማርፈድ አይቆጠርም ይላል። የቅርብ አለቃው በጥቅምት ወር ስድስት ቀን አርፍዷል ሲል ለአስተዳደር ክፍሉ ያመለክታል። ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት እያንዳንዱ ቀን ከጣት አሻራ መዝገቡ ጋር ሲመሳከር፣ ጥቅምት 13 ቀን ሠራተኛው የገባው በ2:38 መሆኑ ይታያል፤ ይህ በደንቡ ከተፈቀደው 10 ደቂቃ አያልፍም። ጥቅምት 21 ቀን የገባው በ2:55 ቢሆንም፣ በዋዜማው ማምሻውን በስልክ መልእክት አስፈቅዶ አለቃው «እሺ» ብሎ መልሶለታል። ስለዚህ ሁለቱ ቀኖች ይወጣሉ፤ አራቱ ይቀራሉ። አለቃው ይህን እንደ መሸነፍ ሊያየው ይችላል፤ ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ ሐሰት ሆኖ የሚገኝ አንድ ቀን በሌሎቹ እውነተኛ ቀኖች ላይ ጥርጣሬ ያሳድራል፣ የሠራተኛው ጠበቃም መጀመሪያ የሚይዘው ያንኑ ቀን ነው። ከተጣራ በኋላ የደብዳቤው ዋና ክፍል ይህን ይመስላል፦

«በድርጅቱ የሥራ ደንብ አንቀጽ 14 መሠረት የሥራ መግቢያ ሰዓትዎ ከጠዋቱ 2:30 ነው። ሆኖም በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት 4 ቀን በ2:52፣ ጥቅምት 11 ቀን በ2:47፣ ጥቅምት 19 ቀን በ3:05 እና ጥቅምት 26 ቀን በ2:49 ሥራ መግባትዎ ከዚህ ጋር በተያያዘው የመግቢያ ሰዓት መዝገብ ተረጋግጧል። ጥቅምት 28 ቀን በጽሑፍ በሰጡት መልስ የትራንስፖርት እጥረት እንዳጋጠመዎ ገልጸዋል፤ ነገር ግን በአራቱም ቀኖች ለቅርብ አለቃዎ ያላሳወቁ በመሆኑ ምክንያቱ ተቀባይነት አላገኘም። ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎ ቀን ጀምሮ የመግቢያ ሰዓትዎን እንዲያከብሩ፣ ችግር ሲያጋጥምዎም ከ2:30 በፊት በስልክ እንዲያሳውቁ እያሳሰብን፣ ጥፋቱ ቢደገም በደንቡ አንቀጽ 22 መሠረት የሥራ ውልዎን እስከ ማቋረጥ ሊደርስ የሚችል እርምጃ እንደሚወሰድ እናስጠነቅቃለን።»

የአንቀጾቹ ቁጥሮች ለምሳሌ የገቡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ይጠቅሳል። ዋናው ነገር ደንቡ ለሠራተኛው የተሰጠው ወይም በግልጽ የተለጠፈ መሆኑ ነው፤ ሠራተኛው አይቶት በማያውቀው ደንብ ላይ የተመሠረተ ማስጠንቀቂያ ጸንቶ መቆም ይቸግረዋል። መዝገቡም መያያዝ ያለበት ከማሽኑ እንደወጣ ነው። በእጅ ተገልብጦ የተተየበ ሠንጠረዥ «ማን ጻፈው?» ለሚለው ጥያቄ ይጋለጣል፤ የሰዓት ፊርማ ወረቀትና የጣት አሻራ ማሽን ጎን ለጎን የሚሠራባቸው ቦታዎች ደግሞ ሁለቱ የሚለያዩበትን ቀን ምክንያቱ ሳይታወቅ በደብዳቤው ውስጥ ማስገባት አይገባም።

«ማስጠንቀቂያ ስንብት አይደለም፤ ስለዚህ ሠራተኛውን አስቀድሞ መጠየቅ አያስፈልግም።»

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 158 በአንቀጽ 7 ላይ፣ በጠባዩ ወይም በሥራ አፈጻጸሙ ምክንያት የሚሰናበት ሠራተኛ ከመሰናበቱ በፊት ለቀረበበት ክስ መልስ የመስጠት ዕድል ሊያገኝ እንደሚገባ ይደነግጋል። እርግጥ ይህ ስለ ስንብት የተነገረ ነው። ነገር ግን ለማርፈድ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነገ ለሚመጣ ስንብት መሠረት የሚሆን ሰነድ ነው፤ መሠረቱ ሲጣል ሠራተኛው ካልተጠየቀ፣ ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ በክርክሩ ቀን ይነሳል። ያን ጊዜ ሠራተኛው «የታመመ ልጅ ወደ ሕክምና እወስድ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም» ቢል፣ አሠሪው የዚያን ቃል እውነትነት የሚያጣራበት ጊዜ አልፎበታል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ቀኖቹና ሰዓቶቹ የተዘረዘሩበት አጭር የጥያቄ ማስታወሻ ለሠራተኛው ይሰጠዋል፤ በጽሑፍ መልስ የሚሰጥበት ሁለት ወይም ሦስት የሥራ ቀን ያገኛል፤ በቃል ብቻ ከመለሰም የተናገረው በራሱ አነጋገር ተመዝግቦ እንዲፈርምበት ይደረጋል። የተሰጠው ምክንያት በደብዳቤው ውስጥ ተጠቅሶ ለምን እንዳልተቀበሉት በአንድ ዓረፍተ ነገር መገለጽ አለበት፤ ከላይ በምሳሌው የታየውም ይኸው ነው። ምክንያቱ እውነት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ማስጠንቀቂያው መቅረቱ ወይም ያ ቀን ከዝርዝሩ መውጣቱ ተገቢ ነው። ሕመም፣ እርግዝና ወይም በሕግ የተፈቀደ ጉዳይ ያለበትን ማርፈድ እንደ ተራ ጥፋት ቆጥሮ ማስጠንቀቂያ የጻፈ አሠሪ ራሱ ሊከሰስበት የሚችል ሰነድ በገዛ እጁ አዘጋጅቷል ማለት ነው።

«የቆዩ ጥፋቶቹን ሁሉ ብጨምርበት ደብዳቤው ይጠነክራል።»

በተግባር የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ስለ ማርፈድ በተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ «ከባልደረቦችዎ ጋር አይግባቡም»፣ «ለሥራው ፍላጎት የለዎትም» የሚል ሲገባ፣ አንባቢው ሰዓቱ ሰበብ ሆኖ የቆየ ቂም እየተወጣ ነው ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ያገኛል። ከዚህም የሚብሰው ቀደም ሲል የተቀጣበትን ቀን እንደገና መቁጠር ነው። ለመስከረም 9 ማርፈድ ደመወዙ ተቆርጦ ከሆነ፣ ያው ቀን በኅዳር በተጻፈ ማስጠንቀቂያ እንደ አዲስ ጥፋት ሊቀርብ አይችልም፤ ለአንድ ጥፋት ሁለት ቅጣት ይሆናል። የቀድሞ ማስጠንቀቂያን በታሪክነት መጥቀስ የተለየ ጉዳይ ነው፤ የተጻፈበት ቀንና ቁጥር ተገልጾ «በዚህ ጉዳይ በጽሑፍ ተነግሮዎት ነበር» ቢባል ተገቢ ነው።

ዝምታም የራሱ ውጤት አለው። ለአንድ ዓመት ያህል ሲያረፍድ እየታየ ምንም ያልተባለ ሠራተኛ በድንገት አርባ ቀን ተቆጥሮበት ቢቀርብ፣ አሠሪው ነገሩን ፈቅዶ እንደቆየ ሊቆጠርበት ይችላል። የዓለም ሥራ ድርጅት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 166 ጥፋቱን ካወቀ በኋላ በተገቢ ጊዜ ውስጥ እርምጃ ያልወሰደ አሠሪ በዚያ ጥፋት ሠራተኛውን የማሰናበት መብቱን እንደተወ ሊቆጠር ይገባል ይላል፤ ብዙ አገሮችም በየሕጋቸው ለዚህ የቀን ገደብ አስቀምጠዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ትኩስ በሆኑ ጥቂት ቀኖች ላይ ቢጻፍ ይሻላል።

«አልፈርምም ካለ ደብዳቤው ዋጋ የለውም።»

ፊርማው የሚያረጋግጠው ደብዳቤው መድረሱን እንጂ ሠራተኛው ጥፋቱን ማመኑን አይደለም። ብዙ ሰዎች ለመፈረም የሚያንገራግሩት ይህ ስላልተነገራቸው ነውና፣ ከፊርማው ቦታ በላይ «ፊርማዬ ደብዳቤው የደረሰኝ መሆኑን ብቻ ያመለክታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ፣ ሠራተኛው ከፈለገ «አልስማማም» ብሎ እንዲጽፍበትም ቦታ ቢተውለት አብዛኛው እምቢታ ይቀራል። ያም ሆኖ አልፈርምም ካለ ደብዳቤው በሁለት ሰዎች ፊት ይሰጠዋል፤ በቀሪው ቅጂ ጀርባ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና «አልቀበልም» ብሎ የተናገረው ቃል ተጽፎ ምስክሮቹ ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ ቢያንስ አንዱ ከቅርብ አለቃውና ደብዳቤውን ከጻፈው ሰው ውጭ የሆነ ሰው መሆን አለበት። በማግሥቱ ደግሞ ያው ደብዳቤ ሠራተኛው ራሱ ባስመዘገበው አድራሻ በአደራ ፖስታ ይላካል፤ ደረሰኙም በግል ማኅደሩ ውስጥ ይቀመጣል። ፊርማውን በሌላ ሰው ማስፈረም ወይም የደብዳቤውን ቀን ወደ ኋላ መመለስ ግን ክርክሩን ብቻ ሳይሆን የድርጅቱን ታማኝነት በሙሉ የሚያሳጣ ድርጊት ነው።

«ሦስት ማስጠንቀቂያ ከሞላ ማሰናበት ይቻላል።»

ሦስት የሚለው ቁጥር በሁሉም ቦታ የሚሠራ ሕግ አይደለም። ስንት ጊዜ ማርፈድ፣ በስንት ወር ውስጥ፣ ከስንት ማስጠንቀቂያ ጋር የሚለውን የሚወስኑት የየአገሩ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነቱና የሥራ ደንቡ ናቸው፤ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት እነዚህ ሊነበቡ ይገባል። ምክረ ሐሳብ ቁጥር 166 የሚለው፣ ሲደጋገም ብቻ ለስንብት በሚያበቃ ጥፋት ሠራተኛው አስቀድሞ ተገቢ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ካልተሰጠው ሊሰናበት አይገባም የሚል ነው። ቁም ነገሩ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ ሠራተኛው ማስጠንቀቂያው ከደረሰው በኋላ ለመታረም ጊዜ አግኝቶ እንደገና ማርፈዱ መታየት አለበት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ደብዳቤ ተጽፎ በአራተኛው መሰናበት፣ ወይም ስለ ማርፈድ የተሰጠን ማስጠንቀቂያ ስለ ንብረት አያያዝ ከተሰጠ ጋር ደምሮ «ሦስት ሞላ» ማለት ይህን አያሟላም።

ወደ መጋዘን ሠራተኛው እንመለስና፣ ደብዳቤው ኅዳር 2 ቀን ደርሶት ኅዳር 3 ቀን ደግሞ ቢያረፍድ፣ ያ ቀን ተመዝግቦ ቢያዝ እንጂ በዚያው ቀን የስንብት ደብዳቤ ባይጻፍበት ይመረጣል። በደንቡ ላይ ማስጠንቀቂያ ለስድስት ወር ይጸናል ተብሎ ተጽፎ ከሆነ፣ ከስድስት ወር በኋላ ያረፈደበት ቀን ከአዲስ መቁጠሪያ ይጀምራል። በእነዚያ ወራት ውስጥ ከእሱ እኩል ወይም የበለጠ ያረፈዱ የዚያው ክፍል ባልደረቦች ማስጠንቀቂያ ሳይደርሳቸው ከቀሩ፣ የእነሱ የመግቢያ ሰዓት መዝገብም እንዲቀርብ ሊጠየቅ እንደሚችል መታወቅ አለበት፤ አስተዳደሩ ይህን መዝገብ ማየት ያለበት የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት ነው።