ወለምታ፣ ነስርና ክራምፕ ሜዳ ላይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እግር ወለም ሲል ቶሎ መታሸት አለበት፤ ካልታሸ ይደርቅበታል።»

እግር ወለም ሲል አጥንቶቹን አንድ ላይ የያዘው ጅማት ከልኩ በላይ ይወጠራል፤ አንዳንዴም ይቀደዳል። በዙሪያው ያሉ ትንንሽ የደም ሥሮችም ይበጠሳሉ። እብጠቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። በዚህ ሰዓት ማሸትና መጎተት የተቀደደውን ይበልጥ ይቀደዋል፣ ደሙንም ያባብሰዋል። የሚያቃጥል ቅባትና የሞቀ ውሃም ደም ወደ ቦታው ስለሚስቡ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይቅሩ።

አሠልጣኞችንና የተማሪ አምበሎችን ሳስተምር የምጀምረው እጅ ከመሰብሰብ ነው። ልጅ ሲወድቅ ግማሹ ቡድን ይሮጣል። አንዱ እግሩን ይስባል፣ አንዱ ያሻል፣ አንዱ «ተነስ፣ ቁምበት» ይላል። አምበሉ ይህን ማስቆም ከቻለ ትልቁን ሥራ ሠርቷል።

እንበል አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ በቴስታ ሊመታ ዘሎ ሲወርድ የሌላ ልጅ ጫማ ላይ አረፈና እግሩ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ጨዋታው ይቆማል፤ ልጁ እዚያው ይቀመጣል። እግሩ ቅርጹን ከለወጠ ወይም አጥንት ከታየ ማንም አያንቀሳቅሰውም፤ ባለበት ተደግፎ አምቡላንስ ይጠራል። ቅርጹ ደህና ከሆነ የጫማው ክር ይላላና ጫማውና ካልሲው በቀስታ ይወልቃሉ። ካበጠ በኋላ ማውለቁ ይከብዳል።

ቀጥሎ ማቀዝቀዝ ነው። በረዶ ያለው ትምህርት ቤት ብዙ አይደለም። ከሱቅ ፍሪጅ የወጣ ሃይላንድ ውሃ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢቀመጥበት ይሠራል። በረዶ ከተገኘም ያለ ጨርቅ ቆዳ ላይ አይደረግም፤ ቆዳ ይጎዳል። ቅዝቃዜው ሕመም ያስታግሳል እንጂ ጅማት አይጠግንም፤ ስለዚህ «ቀለለኝ» ማለቱ ወደ ሜዳ ለመመለስ ፈቃድ አይደለም። ያን ቀን ጨዋታው አብቅቷል።

ከዚያ የሚለጠጥ ፋሻ ከጣቶቹ ሥር ተጀምሮ ወደ ላይ ይጠቀለላል። ልጁ ጋደም ብሎ እግሩ የተደራረቡ ቦርሳዎች ላይ ከፍ ይላል። ፋሻው መጥበቁን ለማወቅ የአውራ ጣቱን ጥፍር ጫን አድርገው ይልቀቁት። የነጣው ሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ቀለሙ ካልተመለሰ፣ ወይም ጣቶቹ ከቀዘቀዙና ከደነዘዙ፣ ፋሻው ወዲያው ይላላ።

«ከረገጠበት አልተሰበረም። ጣቱን ካንቀሳቀሰማ ምንም አልሆነም።»

ጣት የሚያንቀሳቅሱት ዋና ዋና ጡንቻዎች የሚነሱት ከጉልበት በታች ነው። ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮም ጣቱ ሊንቀሳቀስ ይችላል። አጥንቱ ተሰንጥቆ እያነከሰ የሚራመድም አለ።

በዚህ ላይ የሚረዳ ጥሩ መመሪያ አለ። በካናዳዋ ኦታዋ ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ሲሆን፣ ራጅ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ ለመለየት ነው። ለሐኪም የተሠራ ቢሆንም ዋናው ሐሳብ ለአሠልጣኝም ይገባል። ልጁ እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ መሄድ ካልቻለ ይላካል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ግራና ቀኝ የወጡትን ሁለት የአጥንት ጉብታዎች ከኋላ ጠርዛቸው በኩል ከጫፋቸው ጀምሮ ሦስት አራት ጣት ያህል ወደ ላይ በቀስታ ይጫኗቸው። አጥንቱ ላይ ካመመው ይላካል። በትንሿ ጣት በኩል፣ በእግሩ የውጭ ጠርዝ መሃል ላይ የሚዳሰሰው አጥንት ካመመውም እንዲሁ፤ ከውስጥ በኩል፣ ከጉብታው ፊት ለፊት ያለው አጥንትም እንደዚያው።

ለልጆች ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እያደገ ያለ ልጅ አጥንቱ ጫፍ አካባቢ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለው፤ ብዙ ጊዜ ጅማቱ ከዚህ ክፍል ይበልጥ ይጠነክራል። ትልቅ ሰው ላይ ወለምታ የሚሆነው አደጋ ልጅ ላይ ስብራት ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ራጅ ይነሣ።

ወላጆች ወደ ወጌሻ መሄድ ቢፈልጉ አልሳደብም። አንድ ነገር ግን በግልጽ እነግራቸዋለሁ። በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ ደም የተቋረጠበት እግር ሆስፒታል ደርሶ የሚቆረጥበት አጋጣሚ በሀገራችን አለ። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደና ጣቶቹ ከቀዘቀዙ «ይለምደዋል» ብሎ ማደር የለም።

«ሲነስረው ቀና ይበል፤ አናቱ ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት።»

ቀና ሲል ደሙ አይቆምም፤ በጉሮሮው ይወርዳል። የተዋጠ ደም ደግሞ ያስመልሳል። ውሃው የሚያደማውን ቦታ አይነካም። አብዛኛው ነስር የሚመጣው ከአፍንጫው ፊተኛ ክፍል፣ ሁለቱን ቀዳዳዎች ከሚለየው ግድግዳ ነው። እዚያ ደግሞ ጣት ይደርሳል።

ልጁ ተቀምጦ ወደ ፊት ያጎነብሳል። ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳውን ክፍል በሁለት ጣት ሁለቱንም ቀዳዳዎች ዘግቶ ይይዛል። በአፉ ይተነፍሳል፤ አፉ ውስጥ የመጣውን ደም ይተፋል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጣቱን አያነሳም። የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ በየደቂቃው «ቆመ እንዴ?» እያሉ ይለቃሉ፤ የረጋው ይነቀልና ከዜሮ ይጀመራል። ሶፍት ወይም ጥጥ አይወተፍም፤ ሲወጣ የደረቀውን ቁስል ይዞ ይወጣል። የሚረዳው ሰው ጓንት ያድርግ፤ ጓንት ከሌለ ልጁ ራሱ ይያዝ።

30 ደቂቃ ገደማ ካለፈና ካልቆመ፣ ወይም በጣም እየፈሰሰ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በምት የመጣ ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው፦ አፍንጫው ተጣሟል? ቀጭን ውሃ መሰል ፈሳሽ ይወርዳል? ራሱን ስቶ ነበር ወይስ ግራ ተጋብቷል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ሐኪም ቶሎ ይየው። ደሙ ቆሞም አፍንጫው ውስጥ አብጦ ትንፋሽ ከከለከለው በዚያው ቀን መታየት አለበት፤ ግድግዳው ውስጥ የተጠራቀመ ደም ከቆየ አፍንጫውን ያበላሻል።

«ክራምፕ የጨው እጥረት ነው፤ ጨው በውሃ ይጠጣ።»

ብዙ ጊዜ የደከመ ጡንቻ ነው። በሙቀት ብዙ ያላበ ሰው ውሃና ጨው ቢተካ ይጠቅመዋል፤ አሁን የያዘውን ባት የሚፈታው ግን ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ጉልበቱ ይዘርጋ፣ የእግሩ ጣቶች ወደ ራሱ ይሳቡ፣ 30 ሰከንድ ያህል ይያዝ። አይነረት፣ አይመታ። «ጧ» ብሎ የጀመረ ሕመምና የጠቆረ ቦታ ካለ የተቀደደ ጡንቻ ነው እንጂ ክራምፕ አይደለም፤ አይሳብም። ብዙ ቦታ እያኮማተረው የሚያዞረው ወይም የሚቀባጥር ልጅ ካለ ሙቀት መትቶታል፤ ወደ ጥላ ወስዶ በውሃ እያቀዘቀዙ አምቡላንስ መጥራት ነው።

«ለአምበሎቹ አንድ ጊዜ ገለጻ ከተሰጠ ይበቃል።»

ገለጻ ሰምቶ አሥር ደቂቃ አፍንጫ መያዝ የሚችል የለም። በሥልጠና ላይ ሁሉም የራሱን አፍንጫ ይዞ ሰዓት እያየ ይቀመጥ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መሳሳቅ ይጀምራል፤ ሰባተኛው ላይ «አልቋል አይደል?» ይባላል። ያንን የቀመሰ ልጅ ሜዳ ላይ ቶሎ አይለቅም። ለቁርጭምጭሚቱም ጥንድ ጥንድ ሆነው አጥንቶቹን እርስ በርስ ይፈልጉ፤ ፋሻውን ራሳቸው አስረው ጥፍሩን ይፈትኑ። ተማሪው ምን ላይ እንደሚያቆም ይታወቅ፦ መድኃኒት አይሰጥም፣ የተጣመመ አያቃናም፣ የሚጠራው መምህርና የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ከመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ ክዳን ላይ ይለጠፍ።