ሪከሪንግ ቻርጅ ምንድን ነው? ካርድ መቀየር ለምን አያስቆመውም?

ሰሞኑን አንድ ሰው “ሰብስክሪፕሽኑን ሰርዣለሁ፣ ዶላሩ ግን አሁንም ከካርዴ ይቆረጣል” ብሎ ሲያማርር አንድ መካሪ “ካርድህን ቀይር፣ አራት ነጥብ” አለው። ሌላው ባሰበት፦ “ለባንኩ ተሰረቅሁ በል!” ጅማ ውስጥ የባንክ ካርድ ጉዳይ ይዤ ስለምውል ሁለቱም ምክሮች ሰውን ምን ላይ እንደሚጥሉት በየጊዜው አያለሁ።

ሪከሪንግ ቻርጅ ስርቆት አይደለም። አንተ አንድ ጊዜ የሰጠኸው፣ እስክትሽረው የሚቆይ ፈቃድ ነው። መጀመሪያ ስትመዘገብ የካርድ ቁጥርህን ታስገባለህ፣ ባንኩ ያረጋግጣል። ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚመጣውን ጥያቄ የሚልከው ነጋዴው ራሱ ነው። ኮድ አትጠየቅም፣ ስልክህንም መንካት አይጠበቅብህም።

እንደ እድር አስበው። ስምህ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ ሰብሳቢው በየወሩ በር ያንኳኳል። አፑን ከስልክህ ማጥፋት ስብሰባ መቅረት ነው፤ ስምህ አልተፋቀም። ካርድ መቀየር ደግሞ እዚያው ሰፈር ቤት መቀየር ነው። ሰብሳቢው ጎረቤት ጠይቆ አዲሱን በር ያገኘዋል። ይህ ጎረቤት ምሳሌ ብቻ አይደለም። ቪዛም ማስተርካርድም አዲስ የካርድ ቁጥርና የማብቂያ ቀን ለነጋዴዎች የሚያቀብል አገልግሎት አላቸው። ሁሉም ባንክ በአገልግሎቱ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ካርድ ቀይሮ የተገላገለ ሰውም አይጠፋም። ያንን ሰው አይተው ነው እንግዲህ “አራት ነጥብ” የሚሉት።

ካርዱን ባዶ ማድረግስ? እኛ ጋ በብዛት የሚያሳስተው ይሄ ነው። ቀድሞ የሚሞላ የዶላር ካርድ የያዘ ሰው “ምንም የለበትም፣ ምን ሊወስዱ?” ይላል። ሰብሳቢው ግን ያገኘው መልስ “ዛሬ ቤት ውስጥ ሳንቲም የለም” የሚል ነው። ስለዚህ ሌላ ቀን ይመለሳል። ነጋዴው ያልተሳካውን ሙከራ እንዲደግም የካርድ ሕጉ በገደብ ይፈቅድለታል።

አንዲት ተመራቂ የደረሰባትን ላንሳ። የዲዛይን አፕ ለሰባት ቀን በነጻ ሞከረች። አልወደደችውም፣ አጠፋችው። ካርዷ ባዶ ስለነበር ለጊዜው ምንም አልተቆረጠም። በኋላ ለውጭ ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ክፍያ 90 ዶላር ስለሚያስፈልጋት 100 ዶላር አስሞላች። ሂርማታ አካባቢ ካለው ቅርንጫፍ ወጥታ ቤቷ ሳትደርስ 12.99 ተቆረጠ። 87.01 ቀረ፣ የማመልከቻ ክፍያውም “በቂ ሂሳብ የለም” ተባለ።

ለአፑ ሠሪዎች ኢሜይል ጻፈች። “በዚህ ኢሜይል የተመዘገበ ደንበኛ የለንም” አሏት። ጉድ ፈላ! በዚህ ጊዜ ነው “ተሰርቄያለሁ” ብላ የመጣችው። ሰዎቹ ግን አልዋሹም። ገንዘቡን የሚሰበስበው ሌላ ነበር።

አጭሩ የባንክ መልእክት የቆረጠውን ሰው ስም ላያሳይ ስለሚችል ስቴትመንት አወጣንላት። እዚያ ላይ ስሙ በ `GOOGLE *` ይጀምር ነበር። ከኮከቡ በፊት ያለው ብዙ ጊዜ ሰብሳቢው ነው፣ ከኮከቡ በኋላ ያለው ዕቃው ወይም ሻጩ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ስሙ መሀል ላይ ተቆርጦ ሊታይ ይችላል፣ አትደንግጥ። `PAYPAL *` ካየህ ፈቃዱ ያለው ፔይፓል ውስጥ ነው። `APPLE.COM/BILL` ከሆነ አፕል ጋ ነው። የአፑን ድረ ገጽ ብታንኳኳ የሚሰማህ የለም። መዝገቡ ሌላ ጸሐፊ እጅ ነው።

ስለዚህ ጎግል መሆኑ ታወቀ። ግን የትኛው ጂሜይል? እሷ “ያለኝ አንድ ነው” አለች። ከጎግል ፕሌይ የሚመጣ ደረሰኝ የትእዛዝ ቁጥሩ `GPA.` ብሎ ይጀምራል። ይህን ኢሜይሏ ውስጥ ብትፈልግ ወይ ፍንክች። ኋላ ላይ ታናሽ ወንድሟ ጌም የሚጫወትበት የድሮ ስልክ ትዝ አላት። እዚያ ላይ ሌላ ጂሜይል አለ፤ ደረሰኙም እዚያ ተቀምጧል። ቀኑም 12.99ኙም ከስቴትመንቱ ጋር ገጠመ። ስቴትመንት ላይ ግዢው የተፈጸመበትና ሂሳቡ የተመዘገበበት ቀን ስለሚለያዩ አንድ ሁለት ቀን ቢዛነፍ ችግር የለውም። ገንዘቡን ግን በዶላር አመሳክር፣ በብር ካሰብከው ምንዛሪው ያሳስትሃል።

ከዚያ ቀላል ነው። በዚያው ጂሜይል ፕሌይ ስቶር ውስጥ `Payments & subscriptions`፣ ቀጥሎ `Subscriptions`፣ ከዚያ መሰረዝ። የማረጋገጫው ኢሜይል ሲመጣ ቀኑን ይዘህ አስቀምጠው። ገንዘብ ለማስመለስ ግን ፈጠን ማለት ነው። ከተቆረጠ በ48 ሰዓት ውስጥ ጎግል ራሱ ጥያቄህን ሊያይልህ ይችላል። ካለፈ ወደ አፑ ሠሪ ይመራሃል።

አንዳንዴ ግን በትክክል ሰርዘህም ነጋዴው መቁረጡን ይቀጥላል። ያኔ ነው ወደ ባንክ የምትመጣው። ስትመጣ “ተሰረቅሁ” አትበል። በስርቆት ስም ካመለከትክ ነጋዴው የተመዘገብክበትን ኢሜይልና ቀድሞ የከፈልካቸውን ወሮች አውጥቶ ያሳያል። ጉዳዩ እዚያው ያበቃል፣ ካርድህም በከንቱ ተዘግቶ ይቀራል። ማለት ያለብህ “ፈቃዴን በዚህ ቀን ሽሬያለሁ፣ ከዚያ በኋላ ቆርጠውብኛል” ነው። ቪዛ ለዚህ የተለየ የአቤቱታ ምድብ አለው፣ ቁጥሩ 13.2 ነው። የጊዜ ገደቡ በአጠቃላይ 120 ቀን ነው። የሚመለሰው ከሰረዝክበት ቀን በኋላ የተቆረጠው እንጂ ረስተህ የከፈልከው ያለፈ ዓመት አይደለም። ማረጋገጫውን ያዝ ያልኩህ ለዚህ ነው።

በዚያው ለወደፊቱም ለዚህ ነጋዴ የሰጠኸው ፈቃድ እንዲሻር ጠይቅ። ባንኩ ይህን ማድረግ ከቻለ ነጋዴው የሚደርሰው መልስ ይለወጣል። በቪዛ “በቂ ገንዘብ የለም” የሚለው መልስ 51 ነው፣ ፈቃዱ ተሽሯል የሚለው `R1`። በ51 ሰብሳቢው ሌላ ቀን ይመጣል፣ በ`R1` ግን እንዳይመለስ ተነግሮታል። ይህን ማገጃ ሁሉም ባንክ አላዘጋጀውም። ቅርንጫፍ ላይ ያለው ልጅ ግራ ቢጋባ አትፍረድበት፣ ጥያቄው ለካርድ ክፍል እንዲተላለፍ በጽሑፍ ስጠው።

ካርዱ የአንተ ሳይሆን አሜሪካ ያለው አጎትህ የላከልህ ከሆነ ጅማ ያለ ባንክ ምንም ሊያደርግልህ አይችልም። አቤቱታውን ማቅረብ ያለበት ባለካርዱ ነው፣ ለራሱ ባንክ። አሜሪካ ውስጥ ከሂሳብ በቀጥታ በሚቆርጥ ዴቢት ካርድ ላይ በሕግ ያለው መብት ጠንከር ይላል፦ ከሚቀጥለው ቆረጣ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀድሞ ካሳወቀ ባንኩ ክፍያውን የማስቆም ግዴታ አለበት። በቃል ካሳወቀ ባንኩ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ሊጠይቀው ይችላል፤ ስለዚህ አጎትህ ከመደወሉ ጋር ደብዳቤውንም አብሮ ይላክ።