ለደመወዝ ድርድር የሚያዝ ቃለ ጉባኤ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከታች ያሉት አባባሎች በመሠረታዊ ሠራተኛ ማህበራት ስብሰባ ላይ፣ በሻይ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከማህበር መሪዎች አፍ የሚሰሙ ናቸው። ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ፋብሪካ በምሳሌነት እንውሰድ። ማህበሩ 412 አባላት አሉት እንበል። ትንሹ ደመወዝ 3,200 ብር፣ ትልቁ 14,000 ብር ነው። የኅብረት ስምምነቱ ሊያበቃ ስለሆነ ጉባኤ ተጠርቷል።

«ቃለ ጉባኤ ማለት የተባለውን ሁሉ ሳያስቀሩ መጻፍ ነው።»

ጸሐፊው ሁሉን ልያዝ ሲል ዋናው ያመልጠዋል። አስራ ሁለት ገጽ ክርክር ተጽፎ ስንት ሰው እንደደገፈ የማይታወቅበት ቃለ ጉባኤ ሞልቷል። የሚፈለገው አጭር ነው፦ ቀንና ሰዓት፣ ቦታ፣ የአባላት ብዛት፣ የተገኙት ብዛት፣ አጀንዳ፣ የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ሙሉ ቃሉ፣ የድምፅ ውጤት። ክርክሩ በሁለት በሦስት መስመር ይጠቃለላል።

ደግሞ ማን ምን አለ የሚለውን በስም መጻፍ ጣጣ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በማህበር እንቅስቃሴ በመሳተፉ ምክንያት ሠራተኛን ማሰናበት ይከለክላል። ግን አለቃው ላይ በስብሰባ መሀል የተናገረውን ሰው ስሙን ጽፎ ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል? «ከአባላት በኩል የሌሊት ፈረቃ ትራንስፖርት ጥያቄ ተነስቷል» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ስም የሚያስፈልገው ለተመረጡት ተደራዳሪዎች፣ ሐሳቡን ላቀረበና ለደገፈ ሰው፣ እንዲሁም ልዩነቴ ይመዝገብልኝ ላለ አባል ነው።

«ለተደራዳሪዎቹ ሙሉ ውክልና ተሰጥቷል ብሎ መጻፍ በቂ ነው፤ ዝርዝሩን እነሱ ያውቃሉ።»

አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ተደራዳሪዎቹ 20 በመቶ ይዘው ይመለሳሉ። ግማሹ አባል ያጨበጭባል፣ ግማሹ «ሸጡን» ይላል። ሁለቱም ወገን ቃለ ጉባኤውን ቢያገላብጥ መልስ አያገኝም። ጉባኤው ምን እንደፈለገ አልተጻፈምና።

በምሳሌያችን ፋብሪካ የመጀመሪያው ሐሳብ «25 በመቶ ይጨመር» የሚል ነበር እንበል። ሲሰላ ግን 3,200 ብር የሚያገኘው ሰው 800 ብር፣ 14,000 የሚያገኘው 3,500 ብር ይጨመርለታል። ዳቦ ለሁለቱም እኩል ተወዷል። ስለዚህ ከኋላ ወንበር ሌላ ሐሳብ መጣ፦ ለሁሉም 800 ብር፣ ከዚያ በላይ የደመወዙ 10 በመቶ። በዚህኛው ዝቅተኛው ተከፋይ 1,120 ብር ያገኛል፣ ከፍተኛው 2,200። ጉባኤው ሁለተኛውን መረጠ። ቃለ ጉባኤው «የደመወዝ ጭማሪ ይጠየቅ» ብቻ ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር ከንቱ ይቀር ነበር። አሠሪው በጥቅሉ በመቶኛ ሲያቀርብ ተደራዳሪው የሚመልሰው የለውም።

ሌላው በጣም የሚረሳ ነገር ጭማሪው የት ላይ እንደሚጨመር ነው። አሠሪ ብዙ ጊዜ «በአበል መልክ እንስጣችሁ» ይላል። እውነት ነው፣ አበል ከግብር አንጻር የሚስብበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በአዋጁ የትራንስፖርት አበል፣ ጉርሻና የመሳሰሉት እንደ ደመወዝ አይቆጠሩም። 4,160 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ እንውሰድ። በወር 208 ሰዓት ከታሰበ የሰዓቱ ዋጋ 20 ብር ነው፤ በቀን የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ሲባዛ 30 ብር ይሆናል። 1,040 ብር በመሠረታዊ ደመወዙ ላይ ቢጨመርለት የሰዓቱ ዋጋ 25፣ ትርፍ ሰዓቱ 37 ብር ከ50 ይሆናል። በወር 20 ሰዓት ትርፍ ከሠራ 150 ብር ልዩነት አለው። አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶም በ114 ብር ከ40 ከፍ ይላል። ያው 1,040 ብር በአበል ቢመጣ ይህ ሁሉ የለም፤ የሥራ ስንብት ክፍያውም በድሮው ደመወዝ ይሰላል።

ስለዚህ ውሳኔው እንዲህ ቢጻፍ ጥሩ ነው፦

«ጉባኤው ከዚህ በታች ስማቸው የተዘረዘረው አምስት አባላት ማህበሩን ወክለው እንዲደራደሩ ወስኗል። የመነሻ ጥያቄው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 800 ብርና የደመወዙ 10 በመቶ ሆኖ በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ የሚጨመር ነው። ተደራዳሪዎቹ የጭማሪውን መጠንና የሚጀምርበትን ወር በተመለከተ የመወሰን ሥልጣን አላቸው። ጭማሪውን ወደ አበል መለወጥ፣ ነባር ጥቅማጥቅም መቀነስ ወይም አንድን የሥራ ክፍል ከጭማሪው ውጪ ማድረግ ግን ወደ ጉባኤው ሳይመለሱ አይችሉም።»

እዚህ ላይ ሥልጣኑም አጥሩም አብሮ አለ። አምስቱን መምረጥ ራሱ በዘፈቀደ አይደለም። ማን ሊወክል እንደሚችል የማህበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይወስናል። ባለሙያ አማካሪ ይዞ መግባትም በሕግ የተፈቀደ ነው። ከፌዴሬሽኑ ሰው የሚመጣ ከሆነ በአማካሪነት እንደሚገባ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ይህ ማነው የሚል ንትርክ የመጀመሪያውን ቀን ይበላዋል።

«የመጨረሻውን ዝቅተኛ መጠን ቃለ ጉባኤ ላይ ከጻፍነው አሠሪው እጅ ይገባል፤ ስለዚህ በአፍ ይቅር።»

ስጋቱ ተገቢ ነው። ለአሠሪው የውክልና ማስረጃ ተብሎ ሙሉ ቃለ ጉባኤ ኮፒ ተደርጎ ሲሰጥ ታይቷል። ወለሉን ያወቀ አሠሪ ከወለሉ በላይ አንዲት ሳንቲም አይጨምርም። መፍትሔው ግን በአፍ መተው አይደለም። በአፍ የተባለ ነገር ከሦስት ወር በኋላ ሦስት ዓይነት ሆኖ ነው የሚተረከው።

ለአሠሪው የሚሄደው ከቃለ ጉባኤው የተውጣጣ አንድ ገጽ ነው። በውስጡ ጉባኤው መቼ እንደተካሄደ፣ ድርድር እንዲጀመር መወሰኑና የተደራዳሪዎቹ ስም ብቻ ይኖራል። የድርድር ጥያቄው ራሱ በጽሑፍ መቅረብ አለበት፤ አሠሪውም ከደረሰው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ ይጠበቅበታል። ስለዚህ የደረሰበት ቀን በመዝገብ ላይ ፈርሞ ይቀበል።

ዝቅተኛው መጠን ደግሞ ተለይቶ በአባሪ ይያዛል። እዚህ ጋ አንድ ነገር እናንሳ፦ በምሳሌያችን ጉባኤ 286 ሰው ተገኝቷል እንበል፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተነገረ ቁጥር ምሥጢር አይሆንም፤ ማታውኑ አስተዳደር ቢሮ ይደርሳል። የሚሻለው ጉባኤው «ዝቅተኛውን መጠን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ከተደራዳሪዎቹ ጋር ይወስን፣ በጽሑፍም ያስቀምጥ» ብሎ ሥልጣኑን መስጠቱ ነው። ኮሚቴው ለምሳሌ 600 ብርና 8 በመቶ ብሎ ይወስናል። ይህ ለትንሹ ተከፋይ 856፣ ለትልቁ 1,720 ብር ማለት ነው። ወረቀቱ ይፈረማል፣ ፖስታ ውስጥ ይታሸጋል፣ ስምምነቱ ለጉባኤ ሲቀርብ ይከፈታል። ያኔ ተደራዳሪው ከወለሉ በታች ወርዶ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ሁሉም በዓይኑ ያያል።

«እጅ ከወጣ በቃ፣ ውሳኔው ጸና። ጭማሪው እምቢ ከተባለም በዚሁ ውሳኔ ሥራ እናቆማለን።»

ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ለመደራደር ውክልና ስንት ሰው መገኘት እንዳለበት የሚነግረን የማህበሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው። በብዙዎቹ ደንቦች ከግማሽ በላይ ነው፤ በምሳሌያችን 207 ሰው ማለት ነው። ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ሁለተኛ ጥሪ እንዴት እንደሚደረግም ደንቡ ላይ ይታያል። በሦስት ፈረቃ በሚሠራ ፋብሪካ ይህ ቀላል አይደለም። የሌሊት ፈረቃው ተኝቶ እያለ ከቀኑ 8፡30 ስብሰባ ጠርቶ «አልመጡም» ማለት ተገቢም አይደለም።

ለሥራ ማቆም እርምጃ ግን ሕጉ ራሱ ልክ አስቀምጧል። ከማህበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መደገፍ አለበት። ከ412 ውስጥ ይህ 275 ሰው ነው። 268 ሰው ቢገኝ የድርድሩ ውክልና ይጸናል፣ የሥራ ማቆሙ ግን አይጸናም። ለዚህ ነው በቃለ ጉባኤው ላይ «አባላት በብዛት ተገኝተዋል» የሚለው ዋጋ የሌለው። «ከ412 አባላት 286 ተገኝተዋል፤ 231 ደግፈዋል፣ 38 ተቃውመዋል፣ 17 ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል» ይባል። የፊርማ ዝርዝሩም ይያያዝ። ተደምሮ 286 ካልመጣ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው፤ አዳራሹ ሳይበተን ይቆጠር።

ድምፁ ቢሞላም ጉዳዩን በስምምነት ለመጨረስ ጥረት መደረጉና ቢያንስ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ መሰጠቱ ግዴታ ነው። በዚህ ላይ ሥራ ማቆም የተከለከለባቸው አስፈላጊ አገልግሎቶች አሉ፤ ለምሳሌ መብራትና ውሃ የሚያቀርቡ ድርጅቶች። ስለዚህ የሥራ ማቆሙ ጉዳይ ጊዜው ሲደርስ ራሱን የቻለ አጀንዳ፣ ራሱን የቻለ ድምፅና ራሱን የቻለ ቃለ ጉባኤ ይፈልጋል።

«ተደራዳሪዎቹ ቢፈርሙም ጉባኤው ካልወደደው ይሽረዋል።»

ፊርማው ካረፈ በኋላ ረፍዷል። የኅብረት ስምምነት ሌላ ቀን ካልተጠቀሰበት በቀር ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ይጸናል። በስምምነቱ ውስጥ በግልጽ ሌላ ነገር ካልተባለም በመደበኛው ሁኔታ ለ3 ዓመት መልሶ መነካካት አይቻልም። አባላት ተሰብስበው «አንቀበልም» ቢሉ አሠሪው ውክልናውን አውጥቶ ያሳያል።

መከላከያው ሁለት ቦታ ይጻፋል። አንደኛው ቃለ ጉባኤው ላይ፦ «የተደረሰበት ረቂቅ ለጉባኤ ቀርቦ ሳይጸድቅ አይፈረምም»። ሁለተኛው ከአሠሪው ጋር በሚዘጋጀው የድርድር ሥነ ሥርዓት ደንብ ላይ ነው። ሁለቱ ወገኖች ድርድሩን ከመጀመራቸው በፊት ይህን ደንብ ማውጣት አለባቸው፤ ብዙ ማህበር ግን ስለ ሻይ ዕረፍትና ስለ ስብሰባ ሰዓት ጽፎ ይጨርሰዋል። ጉባኤ ያጸድቃል የሚለው እዚያ ውስጥ ከሌለ አሠሪው «ይህን አላውቅም» የማለት መብት አለው። በዚያው የደመወዝ ጉዳይ በየዓመቱ እንደገና እንዲታይ የሚል አንቀጽ በስምምነቱ ውስጥ እንዲገባ ተደራዳሪዎቹን ማዘዝ ይቻላል። በዚህ የዋጋ ንረት 3 ዓመት ረጅም ነው።

«ቃለ ጉባኤውን ጸሐፊው ቤቱ ወስዶ በደንብ ጽፎ ያመጣዋል።»

ረቂቁ እዚያው ይነበብ፣ እዚያው ይታረም፣ እዚያው ይፈረም። የብር መጠን በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ። ስርዝ ድልዝ ካለ ጎኑ ላይ ሊቀመንበሩና ጸሐፊው ይፈርሙበት፤ ባዶ የቀረ መስመርም በሰረዝ ይዘጋ። መዝገቡ ገጹ በቁጥር የተያዘ ጥራዝ ቢሆን ይመረጣል፤ ከላላ ወረቀት አንድ ገጽ ቢጠፋ ማንም አያውቅም። ኮምፒውተር ላይ የሚተየበው ቅጂ በኋላ ይደርሳል፤ ከእጅ ጽሑፉ ጋር ካልገጠመ የሚያዘው በዕለቱ የተፈረመበት ነው።