ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳት፦ ከመድኃኒት ቤት በፊት አክታ

«ሲስተር፣ ብርድ ነው የመታኝ። ዝንጅብል እየጠጣሁ ነው፣ ይለቀኛል።»

ዝንጅብሉን ጠጡ፣ አልከለክልም። ተራ ጉንፋን ግን በሳምንት፣ ቢዘገይ በአስር ቀን ገደማ ይለቃል። ሁለት ሳምንት የሞላው ሳል ምርመራ ይፈልጋል። በላዩ ላይ ማታ ማታ ትኩሳት፣ አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ ቀበቶ ላይ አዲስ ቀዳዳ የሚያስበሳ ክሳት ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚታሰበው የሳምባ ነቀርሳ ነው፣ ቲቢ። ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሰው ሁለት ሳምንትም አይጠብቅ፤ ማንኛውም ሳል ይበቃዋል።

እኔ ጂማ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ነርስ አይደለሁም፣ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ እዚህ «ሲስተር» ናት። ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት በመስኮቴ በኩል በየቀኑ የሚነገረኝን ነገር ነው።

«ጫቱ ነው ያከሳኝ።»

ይሄ የከተማችን ምክንያት ነው። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እውነት ነው። ስለዚህ ሰውየው ሲከሳ ሚስቱም ጓደኞቹም ጫቱን ይወቅሳሉ፣ በሽታው ከጀርባው ተደብቆ ይቆያል። አንድ ነገር ግን አስቡ። ያው ሰውዬ ያንኑ ያህል ጫት ለዓመታት ሲቅም ኖሯል። ዘንድሮ ብቻ ለምን ከሳ? ለምንስ ያስለዋል?

ደግሞ የሚቃምበትን ክፍል እዩት። መስኮት ተዘግቶ፣ መጋረጃ ወርዶ፣ ስምንት ዘጠኝ ሰው ከሰዓቱን ሙሉ አንድ አየር ይተነፍሳል። የቲቢ ጀርም የሚተላለፈው በአየር ነው። አንዱ የሚያስል ከሆነ ከዚህ የተመቸ ቦታ አያገኝም።

«ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተብዬ ታክሜ ጨርሻለሁ።»

ወረቀቱን አሳዩኝ ስል ሁልጊዜ ያው የደም ምርመራ ነው። ያ ምርመራ የሚያየው ሰውነት የሠራውን መከላከያ እንጂ ጀርሙን ራሱን አይደለም። ድሮ የያዛችሁ ነገርም ዛሬ «ፖዘቲቭ» ሊያስብላችሁ ይችላል። የወር ሳል ይዞ ለመጣ ሰው ደም ብቻ ቀድቶ መሸኘት ያናድደኛል። በሽታው ያለው ሳምባ ላይ፣ የሚወጣውም በአክታ ነው።

«መጀመሪያ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ልሞክር። ካልተሻለኝ እመጣለሁ።»

ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ሌላውን ብትረሱ ይህችን አትርሱ፦ አክታ ሳይሰጡ አንቲባዮቲክ አይጀመርም።

ችግሩ መድኃኒቱ አለመሥራቱ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። አሞክሳሲሊን የቲቢን ጀርም አይነካውም። ትወስዳላችሁ፣ ምንም አይለወጥም፣ ገንዘባችሁና ሳምንታችሁ ይሄዳል። የባሰው ትንሽ የሚሠራው ነው። ሌቮፍሎክሳሲን የሚባል ኪኒን አለ። «ጠንከር ያለ ስጠኝ» ሲባል ብዙ ጊዜ ከመደርደሪያው የሚወርደው እሱ ወይም ዘመዱ ነው። ሌቮፍሎክሳሲን መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ለማከም ከሌሎች ጋር ተቀናጅቶ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ብቻውን ለአንድ ሳምንት ሲወሰድ ከጀርሙ ብዙውን ይገድላል፣ ሁሉንም ግን አይጨርስም። ላቡ ይቆማል፣ ሳሉ ይቀንሳል፣ ሰውየው ዳንኩ ይላል። የቀረው ጀርም ቀስ ብሎ ይራባል። ከተረፈው ውስጥ መድኃኒቱን የሚቋቋም ካለ ደግሞ የሚበዛው እሱ ነው።

አንድ የባጃጅ ሾፌር ነበር፣ ከመርካቶ አጂፕ የሚሠራ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው። ሳሉ የጀመረው ከጥምቀት በኋላ ነው። መጀመሪያ አሞክሳሲሊን ገዛ፣ ለውጥ የለም። ቀጥሎ «ጠንከር ያለውን» ገዛና ተሻለው። ሦስት ሳምንት ሥራውን ሠራ። ከዚያ ላቡ ተመለሰ። እሱም ወደዚያው መድኃኒት ቤት ተመለሰ። እንደገና ተሻለው፣ እንደገና ተመለሰበት። ወደ እኛ ሲመጣ ፋሲካ አልፎ ነበር። የሚዛኑ ካርድ 51 ኪሎ ይላል፤ እሱ ዓምና 60 ነበርኩ ይላል። «ምን ወሰድክ?» ስለው ስሙን አያውቀውም። ከጃኬቱ ኪስ ባዶውን የኪኒን ማሸጊያ አውጥቶ ሰጠኝ። ሌቮፍሎክሳሲን።

ታሪኩ እዚህ አላለቀም። የመጣው ከሰዓት ነው፣ ቅሞ። በሰጠሁት ዕቃ ያመጣልኝ አረንጓዴ ምራቅ ነበር። ተቀብዬው ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ወይ «ስህተት» ይላል፣ ወይ «የለም» ይላል፣ እሱም ነጻ ነኝ ብሎ ይሄዳል። «ወንድሜ፣ ይሄ ምራቅ ነው። ነገ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ሳትቅም ና» አልኩት። ተቆጣ። ግን መጣ።

ጠዋት ያመጣው ወፍራም፣ ቢጫ ቀለም ያለው አክታ ነበር። ጂን ኤክስፐርት በሚባለው ማሽን ገባ። ማሽኑ ሁለት ጥያቄ በሁለት ሰዓት ገደማ ይመልሳል፦ ጀርሙ አለ ወይ? ካለስ ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድኃኒት ይቋቋማል ወይ? የሱ ውጤት እንዲህ ይላል፦

MTB DETECTED
RIF Resistance NOT DETECTED

ሁለተኛውን መስመር አይቶ «ኖት ይላል፣ የለብኝም ማለት ነው?» አለኝ። ብዙ ሰው እንደዚህ ያነባል። የመጀመሪያው መስመር ቲቢ አለብህ ይላል። ሁለተኛው በተለመደው መድኃኒት ትታከማለህ ይላል። የዚያን ዕለት ወደ ቲቢ ክፍል ሄደ፣ የኤችአይቪ ምርመራም ተደረገለት፤ ይህ ለቲቢ ታካሚ ሁሉ የሚደረግ ነው። ሕክምናው 6 ወር ነው፦ 2 ወር አራት መድኃኒት በአንድ ኪኒን ተጠቃልሎ፣ 4 ወር ደግሞ ሁለት መድኃኒት። የኪኒኑ ቁጥር የሚወሰነው በክብደት ነው። ሚስቱና የሁለት ዓመት ልጁም ተጠርተው ታዩ። ልጁ ቲቢ አልተገኘበትም፣ ግን መከላከያ መድኃኒት ጀመረ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ቤት ውስጥ ታማሚ ካለ ዝም ተብሎ አይታለፍም።

ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ድረስ በየማታው ከዚያ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እያሳለ ተኝቷል። «ልሞክር» የሚሉት ነገር ይሄ ነው።

ስለዚህ አደራረጉን ልንገራችሁ፣ ሰው በደንብ ነግሯችሁ ስለማያውቅ። መጀመሪያ ቅርባችሁ ያለ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሂዱና «ይህን ያህል ሳምንት ያስለኛል፣ ያልበኛል» በሉ። ቁጥሩን ተናገሩ። «ትንሽ ያስለኛል» ካላችሁ በትንሹ ትታያላችሁ። የወሰዳችሁት ኪኒን ካለ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ። ክዳን ያለው ዕቃ ይሰጣችኋል። ከሁሉ የሚሻለው የጠዋት አክታ ነው፣ ሌሊቱን ሳምባ ውስጥ ሲጠራቀም ስለሚያድር። አፋችሁን በንጹህ ውሃ ብቻ ተጉመጥመጡ። ከቤት ውጡ፣ ሜዳ ላይ፣ ሰው በሌለበት። ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱና ከደረት ሳሉ፣ ከጉሮሮ አይደለም። ከፍ ብሎ የሚመጣው ወፍራም ነገር ነው የሚፈለገው፤ የሻይ ማንኪያ አንድ ያህል ጥሩ ነው። ከዚያ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዘግታችሁ ቶሎ አምጡ። ማሽኑ እዚያ ጤና ጣቢያ ከሌለ ናሙናው ወዳለበት ይላካል።

ውጤት እስኪመጣ መስኮት ክፈቱ፣ ስትስሉ አፋችሁን በነጠላም በክንድም ሸፍኑ፣ ከሕፃናት ጋር አትተኙ። ደም በብዛት ካሳላችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን አክታ ላምጣ እያላችሁ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው።

«ገንዘብ የለኝም።»

የቲቢ የአክታ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። ባጃጁ ሾፌር ለሦስት ዙር አንቲባዮቲክ የከፈለው ይበልጣል።

«ራጅ ተነስቼ ጥላ አለህ ተብያለሁ፣ ስለዚህ አክታ አያስፈልግም።»

ራጅ ጥላ ያሳያል፣ የጥላውን ባለቤት አይናገርም። ሳምባ ምችም፣ የድሮ ጠባሳም፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የተላመደ መሆኑን ደግሞ ራጅ በፍጹም አይነግራችሁም።

«አክታዬ ታይቶ የለብህም ተብያለሁ። አሁንም ግን ያስለኛል።»

ተመለሱ። «አልተገኘም» ማለት በዚያች ናሙና አልተገኘም ማለት ነው። ናሙናው ምራቅ ከነበረ፣ አንቲባዮቲክ ጀምራችሁ ከነበረ፣ የታየው በማይክሮስኮፕ ብቻ ከነበረ ሊያመልጥ ይችላል። ማይክሮስኮፕ ጀርሙ በጣም ብዙ ካልሆነ አያየውም፣ እኔ ስለምሠራበት አውቀዋለሁ። በማሽን እንዲደገም ጠይቁ።

«ስኒዋንና ሳህኗን ለይተንላታል።»

መልሱላት። በስኒ አይተላለፍም። የሚለየው አየሩ ነው፣ መስኮቱን ክፈቱላት።

«ሕፃን ሆኜ ተከትቤያለሁ።»

ያ ክትባት የሚጠቅመው ትንንሽ ልጆችን ከከባዱ ዓይነት ለማዳን ነው። አዋቂ ሆናችሁ በሱ አትመኩ።

«መድኃኒቱን ከጀመርኩ ሽንቴ ቀይ ሆነ። ኩላሊቴን ሳይጎዳኝ ላቁመው።»

አታቁሙ። ብርቱካናማው ቀለም የሪፋምፒሲን ነው፣ እንባና ላብም ሊያቀልም ይችላል፣ ጉዳት የለውም። የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ማስመለስ ሲበዛ፣ ሽንት እንደ ኮካ ሲጠቁር። ያ የጉበት ምልክት ነው። የዚያኑ ቀን ወደ ቲቢ ክፍል ሂዱ፤ መድኃኒቱ ይቁም ወይም ይቀየር የሚሉት እነሱ ናቸው።