ኃይለ ቃል ምንድን ነው? አንቀጹ ለምን ከመንገዱ ይወጣል?

ኃይለ ቃል የአንድን አንቀጽ ዋና ሐሳብ የሚሸከም ዓረፍተ ነገር ነው። የቀሩት መዘርዝር ዓረፍተ ነገሮች እሱን ያብራራሉ፣ ምክንያት ይሰጡታል፣ በምሳሌ ይደግፉታል። ይህን ትርጉም ብዙ ተማሪ በቃሉ ያውቀዋል፤ አመዛዛኝ ድርሰት ሲጽፍ ግን አንቀጹ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ሲንከራተት ይገኛል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከኃይለ ቃሉ ነው።

«የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜም ክፍት መሆን አለበት» የሚል አቋም ይዞ የተነሳ ድርሰት እናስብ። አንደኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«ቤተ መጻሕፍት ለተማሪዎች በጣም አስፈላጊ ነው። በቤታቸው ጸጥ ያለ ቦታ የሌላቸው ተማሪዎች ቅዳሜ የሚያጠኑበት ያጣሉ። ጸጥታ ደግሞ ለንባብ ወሳኝ ነው። አንዳንድ ተማሪዎች ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጮክ ብለው በማውራት ሌላውን ይረብሻሉ። እንዲህ ያሉት ሊቀጡ ይገባል። ብዙዎቹ መጻሕፍትም ገጻቸው ተቀዷል። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ መከፈት አለበት።»

ሲነበብ ያን ያህል አይጎረብጥም፤ አታላይነቱም እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከፊቱ ካለው አንድ ቃል ተቀብሎ ይቀጥላል፦ ጸጥ ያለ ቦታ ጸጥታን አመጣ፣ ጸጥታ ጫጫታን፣ ጫጫታ ቅጣትን። ከጎረቤቱ ጋር የማይስማማ ዓረፍተ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ከኃይለ ቃሉ ጋር ያለውን ዝምድና የጠየቀ ግን የለም። የአንቀጽ አንድነት የሚባለው ሁሉም ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ሐሳብ ማገልገላቸው ነው፤ እርስ በርስ መያያዛቸው ብቻውን አንድነት አይሆንም።

ኃይለ ቃሉ ራሱ ጠባቂ መሆን ሲገባው በሩን ከፍቶ ተቀምጧል። «ቤተ መጻሕፍት አስፈላጊ ነው» የሚለውን ማንም አይቃወምም፤ ስለ ቤተ መጻሕፍት የሚነገር ማንኛውም ነገርም፣ የተቀደደው ገጽ ሳይቀር፣ ከሥሩ ይገባል። ርዕሰ ጉዳይን ይጠቁማል እንጂ ነጥብ አይከራከርም። የአመዛዛኝ ድርሰት ኃይለ ቃል ከድርሰቱ አቋም ፊት «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ አንድ ምክንያት መመለስ አለበት። ቅዳሜ ለምን ይከፈት? መልሱ አንቀጹ ውስጥ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ተደብቆ ይገኛል። ተማሪው ሐሳብ አልጎደለውም፤ ትክክለኛውን ሐሳብ ከፊት አላወጣውም።

ስለዚህ ኃይለ ቃሉን እንዲህ እናድርገው፦ «ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ቢከፈት፣ በቤታቸው ጸጥ ያለ ቦታ የሌላቸው ተማሪዎች የሚያጠኑበት ቦታ ያገኛሉ።» አሁን የቀሩትን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ከእሱ አጠገብ አስቀምጠን «ይህን ለማመን ይረዳኛል?» ብለን እንጠይቅ። ስለ ጸጥታ የሚናገረው ይረዳል። የቅጣቱ ጉዳይ ስለ ሥነ ሥርዓት እንጂ ስለ ቅዳሜ አይደለም፤ ይወጣል። የተቀደዱት መጻሕፍት ከመውጣት አልፈው አቋሙን ይጎዳሉ፤ ተቃዋሚ «እንግዲያው መጀመሪያ መጻሕፍቱ ይጠገኑ» ሊል ይችላልና። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የድርሰቱን አቋም ደግሞ ከመናገር በቀር ያደረገው ነገር የለም።

ከዚህ በኋላ አንቀጹ አጥሮ ይቀራል። ብዙ ተማሪዎች የሚደነግጡት፣ የሰረዙትንም መልሰው የሚያስገቡት እዚህ ላይ ነው። ክፍተቱ መሞላት ያለበት ግን በማስረጃ ነው፦

«ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ቢከፈት፣ በቤታቸው ጸጥ ያለ ቦታ የሌላቸው ተማሪዎች የሚያጠኑበት ቦታ ያገኛሉ። ከታናናሾቹ ጋር አንድ ክፍል የሚጋራ ተማሪ ረጅም ምዕራፍ አንብቦ ማስታወሻ ለመያዝ ይቸገራል፤ ሐሳቡ በየደቂቃው ይቋረጣል። በሥራ ቀናት ከትምህርት በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ንባብ አይበቃም። ቅዳሜ ጠዋት የሚከፈት ክፍል ያለ ማቋረጥ የሚሠራበትን ሰዓት ይሰጠዋል።»

የሚንከራተት አንቀጽን ለማዳን አንድ አጓጊ ግን መጥፎ መንገድ አለ፤ ሁሉንም እንዲያቅፍ ኃይለ ቃሉን ማስፋት። «የቤተ መጻሕፍቱ ችግሮች ብዙ ናቸው» ብንል ጫጫታውም ቅዳሜውም ይጠለልበታል፤ ክርክሩ ግን ይጠፋል። ከአንቀጹ የወጣው ዓረፍተ ነገር እውነት ጠቃሚ ከሆነ የራሱን አንቀጽ ይስጡት።

የተቃራኒ ወገን ሐሳብ ሲገባስ አንድነት ይፈርሳል? ኃይለ ቃሉ አስቀድሞ ቦታ ካዘጋጀለት አይፈርስም። «ምንም እንኳ ቅዳሜ መክፈት ተጨማሪ ሠራተኛ ቢጠይቅም፣ ለግማሽ ቀን ብቻ መክፈት ሸክሙን ያቀልለዋል» ብሎ የተነሳ አንቀጽ ስለ ሠራተኛ እጥረት ሁለትና ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ ከመንገድ አልወጣም። ያው እጥረት ስለ ማጥኛ ቦታ በሚከራከረው አንቀጽ መካከል ድንገት ብቅ ቢል ግን አንባቢው ጸሐፊው ለየትኛው ወገን እንደሚከራከር ይጠፋዋል።