ቡናውን ትተው ኪኒኑንም ለሚተዉ

«ቡና ትቻለሁ፤ ከእንግዲህ ኪኒኑ ምን ያደርግልኛል?»

ጎንደር ውስጥ የደም ግፊት ስለካ ይህን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። ቡና ለጊዜው ግፊት ከፍ ያደርጋል። ጭማሪው ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ዕለት ዕለት የሚጠጣ ሰው ደግሞ ሰውነቱ ስለለመደው ብዙም አይጨምርበትም። ደም ብዛቱ ግን ቡናው ቢቀርም የትም አይሄድም።

ማራኪ ሰፈር ያሉ ጎረቤቴ እማማ ቡናውንም አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት ኪኒናቸውንም በአንድ ቀን ተዉ። በማግስቱ ራሳቸው ሊፈነዳ ሆነ። «ደሜ ተነሳ» ብለው አስጠሩኝ። ለካሁ፤ 138/86። ራስ ምታቱ የቡና አምሮት ነበር፤ ጾም የያዘ ቡና ጠጪ ሁሉ ያውቀዋል። እሳቸው ግን ቁጥሩን ሲሰሙ «አየህ፣ ያለ ኪኒንም ደህና ነኝ!» አሉኝ። አምሎዲፒን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። ያን ቀን ግፊቱን የያዘላቸው የቀደመው ኪኒን ነበር። ብነግራቸው አልሰሙኝም። በሦስተኛው ሳምንት 168/102 ሆነ። ምንም አላመማቸውም፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው።

«ታዲያ ስንት ሲኒ ልጠጣ?»

ግፊትዎ በመድኃኒት ከ140/90 በታች ከቆየ በቀን አንድ ዙር፣ ማለትም አቦል፣ ቶናና በረካ ይበቃዎታል። በእኛ ትንሽ ሲኒ ሦስቱ ቢደመሩ ከአንድ ትልቅ ኩባያ ብዙም አያልፉም። ችግሩ ጠዋት ቤት፣ ረፋድ ጎረቤት፣ ማታ ለቅሶ ቤት ሲሆን ነው፤ ማን ይቆጥራል? 160/100 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን እስኪወርድ ድረስ ከአንድ ሲኒ አይለፉ። ጃፓን ውስጥ በተደረገ ጥናት እንዲህ ከፍ ያለ ግፊት ኖሯቸው በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ኩባያ በሚጠጡ ሰዎች ላይ በልብና በስትሮክ መሞት በእጥፍ ገደማ በዝቶ ታይቷል። አንድ ኩባያ በሚጠጡት ላይ ግን አልታየም።

«በረካ ውኃ ነው፤ አይቆጠርም።»

በዚያው አተላ ከሆነ ቀጭን ነው። አዲስ ቡና ከተጨመረበት ግን ያው አቦል ነው።

«ጨው ጣል ቢደረግበትስ?»

አይሆንም። ከቡናው ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ ጨዉ ነው።

«ስትለኩኝ ሁልጊዜ ከፍ ይላል።»

ከቡና ማዕድ ተነስተው እየሮጡ ስለሚመጡ ነዋ! ከመለካትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አይቅመሱ፤ አምስት ደቂቃ አረፍ ይበሉ። ቡና እርስዎን ምን ያህል እንደሚነካ ማወቅ ካማረዎት ሳይጠጡ ይለኩ፤ ከዚያ ጠጥተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይድገሙት። የላይኛው ቁጥር በተለያዩ ቀናት አሥር ያህል ከዘለለ ሲኒውን ይቀንሱ።

እማማ ኪኒናቸውን ቀጠሉ፤ ቡናው አንድ ሲኒ ሆነ። በወሩ 134/82 ሲሆን በረከቴን መልሱልኝ ብለው ሦስቱን ጀመሩ። አሁን ኪኒኑን የሚያስቀምጡት ረከቦቱ ላይ ነው፤ ከአቦል በፊት ይውጡታል።