ቀን ማስጨመር፦ አለቃ ጋ ስንገባ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ማን ያውቃል፣ ሊደርስልኝ ይችላል። ቀኑ ሲደርስ እናገራለሁ።»

በዕለቱ ከተነገረማ ቀን መጠየቅ መሆኑ ቀርቶ መርዶ ይሆናል። አለቃው ምንም ሊያደርግ አይችልም። ኮምቦልቻ ያለ የአንድ ፋብሪካ መለዋወጫ መጋዘን እንውሰድ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቷል፤ የቆጠራው ሪፖርት ዓርብ ለፋይናንስ ኃላፊዋ መግባት አለበት። ማክሰኞ ማታ 360 ዓይነት ዕቃ ገና አልተቆጠረም። በቀን የሚቆጠረው ደግሞ 90 ነው። ሒሳቡ ራሱ ይናገራል፤ ቆጠራው ብቻውን እስከ ቅዳሜ ይሄዳል። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት መግባት ነው። ያኔ ኃላፊዋ ሰው ሊጨምሩ ወይም የራሳቸውን ሥራ ሊያሸጋሽጉ ይችላሉ።

«ችግሬን አንድ በአንድ ካላስረዳሁ አያምኑኝም።»

ከደሴ ስመጣ ሐረጎ ተራራ ላይ ጉም ነበር፣ ሰርቪሱ ዘገየ፣ መብራት ጠፋ፣ ልጄን አሞት ነበር። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ጉሙ የበላው አንድ ሰዓት ነው፤ የሚጠየቀው ቀናት። ምክንያት ሲደራረብ ዋናው ይጠፋል። «ወላሂ» ወይም «ማርያምን» ሲጨመርበትማ ጭራሽ ያስጠረጥራል። ቀኑን በትክክል የወሰደውን አንድ ነገር መናገር ይበቃል፤ የራስን ድርሻ ሳይደብቁ። ፊት ለፊት ከተነጋገሩ በኋላ በቴሌግራም እንዲህ ቢላክ ጥሩ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የመለዋወጫ ቆጠራው ለዓርብ አይደርስም። ዕቃ ማውጣት ሳይቆም ስለጀመርን ሁለት መደርደሪያ እንደገና መቁጠር ግድ ሆነ፤ አስቀድሜ ማስቆም ነበረብኝ። 360 ዓይነት ዕቃ ይቀራል፣ ቅዳሜ እንጨርሳለን። ሰኞ ከዕቃ መመዝገቢያው ቢን ካርድ ጋር እናመሳክራለን። እስከ ማክሰኞ ጠዋት ይፍቀዱልኝ። ውድ የሆኑት የሞተሮቹና የፓምፖቹ ቆጠራ ዓርብ ይደርስዎታል። ከዛሬ ጀምሮ ዕቃ የሚወጣው ከ10 ሰዓት በኋላ ብቻ እንዲሆን ከጥገና ክፍል ጋር ተስማምተናል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ይረሳታል። እኔ አለቃ ብሆን መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው፤ ያው ችግር ነገ እንደማይደገም የምታሳየው እሷ ናትና።

«ብዙ ቀን ከጠየቅሁ ሰነፍ እባላለሁ፤ አንድ ቀን ይበቃኛል።»

ቅዳሜ የሚያልቀው ቆጠራው ነው። ማመሳከሩ ይቀራል፤ ልዩነት የሚገኘውም እዚያ ላይ ነው። አንድ ቀን የጠየቀ ሰው ቅዳሜ ማታ እንደገና ሊለምን ነው። ሁለተኛው ልመና ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ ምክንያቱም አሁን የሚያጠራጥረው ሰውየው የሰጠው ግምት ነው።

«ይቅርታ ባበዛሁ ቁጥር ይራሩልኛል።»

አንዴ ይበቃል። ሲበዛ አለቃዋ ሥራውን ትተው ሠራተኛውን ማጽናናት ይጀምራሉ።

«እምቢ ካሉኝ አለቀልኝ።»

እምቢታቸው ብዙ ጊዜ እሳቸውም ለበላይ የሚያቀርቡት ሪፖርት ስላለ ነው። «ዓርብ የግድ የሚያስፈልግዎት የትኛው ክፍል ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ምናልባት የሞተሮቹና የፓምፖቹ ዋጋ ብቻ ይበቃቸው ይሆናል፤ ብሎኑና ጎማው ማክሰኞ ቢመጣ ግድ አይሰጣቸውም።